ስድስት እምቢ ሲል፦ በዚህን ያህል ውርወራ ቢያንስ አንድ ስድስት የማግኘት ዕድል እንዴት ይሰላል

ድሬ ከሰባት ሰዓት በኋላ ምን እንደምትመስል የምታውቋት ታውቋታላችሁ፣ ፀሐዩ ሰው አያስወጣም፣ ሱቁም ግማሹ በሩን ገርበብ አድርጎ ይተኛል። እኛ ከዚራ አንድ ሱቅ በር ላይ ዛፍ ጥላ ስር ካርቶን አንጥፈን ሉዶ እንጫወታለን፣ ባለሱቁ ሀጂ ደግሞ ወንበራቸው ላይ ሆነው እያዩ አልፎ አልፎ ይፈርዱናል። ባለፈው የአክስቴ ልጅ አራቱም ጠጠሮቹ ቤት ተቀምጠው መውጫው ስድስት እምቢ አለው። እኛ ጋ ህጉ ሁሉም ጠጠርህ ቤት ካለ በአንድ ተራ ሶስቴ ትጥላለህ ነው (ሌላ ሰፈር አንዴ ብቻ የሚያስጥሉ አሉ፣ ህጉ እንደየሰፈሩ ነው)። እና ልጁ ምን አለ፣ "አቦ ሶስቴ ስጥል ሶስት ስድስተኛ ነው፣ ግማሽ ማለት ነው፣ በሁለት ተራ ስድስቴ ከጣልኩ ስድስት ስድስተኛ ነው፣ የግድ ይወጣል፣ ለስላሳ እንወራረድ!" ተወራረድን። ጣለ፦ 2፣ 4፣ 1። ተራው ዞሮ መጣ፣ ጣለ፦ 3፣ 1፣ 5። ለስላሳውን ገዛ፣ ግን ጥፋቱ የዳይሱ ነው ብሎ ድርቅ አለ።

ዳይሱ ምንም አላደረገም፣ ሂሳቡ ነው። ይሄን ሂሳብ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ እየሳልኩ አስረዳሁት፣ እሱን በገባው መንገድ ነው እዚህም የምጽፈው፣ ማባዛትና መቀነስ ከቻላችሁ ይበቃችኋል።

መጀመሪያ መደመሩ ለምን እንደማይሰራ እንይ

የሱ ሂሳብ "በአንድ ውርወራ አንድ ስድስተኛ ካለኝ በሁለት ውርወራ ሁለት ስድስተኛ አለኝ" ነው። ይሄ ስህተት መሆኑን በአንድ ጥያቄ ታገኙታላችሁ፣ ሰባቴ ብትጥልስ? ሰባት ስድስተኛ፣ ማለትም 116.67 በመቶ ሊሆን ነው። ከመቶ በላይ ዕድል የሚባል ነገር የለም። ስድስቴ ጥሎ አንድም ስድስት ያላየ ሰው ደግሞ ሉዶ የነካ ሁሉ ያውቃል፣ ስለዚ "የግድ" የሚለውም ውሸት ነው።

ግን ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ በአይን ማየት ይሻላል። ካርቶን ወይ ደብተር ላይ ስድስት በስድስት ሰንጠረዥ ሳሉ፣ 36 ቤት ይወጣዋል። ወደ ጎን የመጀመሪያው ውርወራ ከ1 እስከ 6፣ ወደ ታች የሁለተኛው ከ1 እስከ 6። እያንዳንዱ ቤት አንድ ሊሆን የሚችል ውጤት ነው፣ ለምሳሌ 2 ከዛ 4፣ ወይም 6 ከዛ 1፣ ዳይሱ ደህና ከሆነ ሁሉም ቤት እኩል ዕድል አለው። አሁን የመጀመሪያው ውርወራ ስድስት የሆነባቸውን ስድስት ቤቶች አጥቁሩ። ቀጥሎ ሁለተኛው ስድስት የሆነባቸውን ስድስት ቤቶች አጥቁሩ። ስታጠቁሩ ጥግ ላይ ያለችው ቤት፣ 6 እና 6 የወጣባት፣ ቀድማ ጠቁራ ታገኟታላችሁ። በቃ ነገሩ እዛች ቤት ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ 6 እና 6 ብሎ 12 ቆጠረ፣ የጠቆረው ግን 11 ነው፣ ጥጓን ሁለቴ ቆጥሯታል። ስለዚ በሁለት ውርወራ ቢያንስ አንድ ስድስት የማግኘት ዕድል 11 ከ36 ነው፣ ወደ 30.56 በመቶ፣ እሱ እንዳሰበው 33.33 አይደለም።

በሁለት ውርወራ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ውርወራው በበዛ ቁጥር ግን ሁለቴ ሶስቴ የሚቆጠሩ ቤቶች እየበዙ ይሄዳሉ፣ ሰንጠረዡም አይሳልም፣ ለሶስት ውርወራ 216 ቤት፣ ለአራት ደግሞ 1296 ቤት ነው። ይሄን አጥቁሮ መቁጠር እብደት ነው። ስለዚ ከጀርባ እንመጣለን።

የሀጂ ሳጥን

ሀጂ ማታ ስንት ለስላሳ እንደሸጡ ሲያሰሉ ቀኑን ሙሉ ማን ጠጣ ማን ወሰደ ብለው አያስታውሱም። አንድ ሳጥን 24 ጠርሙስ ነው፣ ሳይከፈት የቀረውን ይቆጥራሉ፣ 7 ቀረ ካለ 17 ተሸጧል። በቃ። የተሸጠው በአስር አይነት መንገድ ተሸጦ ሊሆን ይችላል፣ የቀረው ግን እዛው ተደርድሮ ነው ያለው።

የኛም እንደዛ ነው። "ቢያንስ አንድ ስድስት" የሚለው ነገር ሆዱ ሰፊ ነው፣ አንድ ስድስት ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ሊሆን ይችላል፣ ሁሉም ሊሆን ይችላል፣ አንዱም መጀመሪያ ላይ ወይ መጨረሻ ላይ ሊወጣ ይችላል። ተቃራኒው ግን አንድ ብቻ ነው፦ አንድም ስድስት አለመውጣቱ፣ ማለትም እያንዳንዱ ውርወራ ከ1 እስከ 5 ብቻ ማምጣቱ። ያንን አስልቶ ከጠቅላላው መቀነስ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ተቃራኒውን ሲመርጥ ነው። "ቢያንስ አንዱ ስድስት ነው" የሚለው ተቃራኒው "ቢያንስ አንዱ ስድስት አይደለም" አይደለም! 6 እና 3 ብትጥሉ ሁለቱም አረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው፣ ባንድ ጊዜ እውነት የሚሆኑ ነገሮች ደግሞ ተቃራኒ አይባሉም። ትክክለኛው "አንዱም ስድስት አይደለም" ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ተቃራኒውን በአፋችሁ ጮክ ብላችሁ በሉት፣ ሲሉት ነው የሚጠራው።

አሁን ስሌቱ፣ በአራት ውርወራ

ስቴፕ 1፣ በአንድ ውርወራ የመሳት ዕድሉን ያዙ። ስድስት ፊት አለ፣ አንዱ ስድስት ነው፣ አምስቱ አይደሉም፣ ስለዚ 5/6።

ስቴፕ 2፣ ያንን በራሱ የውርወራውን ቁጥር ያህል አባዙት። ለምን እንደሚባዛ ካልገባችሁ እንዲህ አስቡት። ደቻቱ ወንዝ ውሃ የሌለበት ጊዜ፣ አሸዋው ላይ 1296 ሰው ተሰልፏል እንበል፣ እያንዳንዱ ዳይስ ይዟል። ሁሉም አንዴ ይጥላል፣ ስድስት የመጣለት ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ያልመጣለት ይቆያል። በአማካይ ከስድስት አንዱ ይሄዳል፣ 216 ሰው ሄደ፣ 1080 ቀረ። ሁለተኛ ይጣል ሲባል አሁን የሚጥሉት 1080ዎቹ ብቻ ናቸው፣ ከነሱ ስድስተኛው፣ 180 ሰው፣ ሄደ፣ 900 ቀረ። ሶስተኛ፣ 150 ሄደ፣ 750 ቀረ። አራተኛ፣ 125 ሄደ፣ 625 ቀረ። አያችሁ፣ በየዙሩ የሚሄደው ሰው እያነሰ ነው፣ 216፣ 180፣ 150፣ 125፣ ምክንያቱም የሚቀነሰው ከቀረው ላይ ነው እንጂ ከመጀመሪያው ሰልፍ ላይ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ግን በየዙሩ 216 ሲሸኝ ነበር፣ የሄደውን ሰው ድጋሚ እየሸኘ ማለት ነው። በየዙሩ የቀረውን በ5/6 ማባዛት ማለት ይሄው ነው።

ስቴፕ 3፣ ቀንሱ። ከ1296 ውስጥ 625 አሁንም ፀሐይ ላይ ቆሟል፣ 671 ሄዷል። 671 ለ1296 ስታካፍሉት 0.5177፣ ማለትም 51.77 በመቶ። አለቀ፣ በአራት ውርወራ ቢያንስ አንድ ስድስት የማግኘት ዕድል ይሄ ነው፣ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ይላል።

ስልክ ላይ ስትሰሩት ካልኩሌተሩን አግድም አዙራችሁ ሳይንቲፊኩን አውጡና እንዲህ ፃፉ፣ 4 ያለበት ቦታ የውርወራ ቁጥር ነው፦

```
1-(5/6)^4
```

ቅንፏን እንዳትረሱ። ያለ ቅንፍ `1-5/6^4` ካላችሁ ስልኩ 6ን ብቻ ነው አራቴ የሚያባዛው፣ 0.9961 ይላችኋል፣ 99.61 በመቶ። በአራት ውርወራ እንዲህ አይነት እርግጠኛነት ካያችሁ ቅንፍ ጠፍቷል ማለት ነው። ሌላው ስህተት 5/6ን ቶሎ ማሳጠር ነው፣ 0.83 ብላችሁ አራቴ ብታባዙ 52.54 በመቶ ይመጣል፣ ሰነፍ ሆናችሁ 0.8 ካላችሁ ደግሞ 59.04 ድረስ ይሄዳል፣ ስህተቱ አብሮ ስለሚባዛ ነው። ቢያንስ 0.8333 ያዙ፣ ወይም ሳታሳጥሩ ክፍልፋዩን እንዳለ አስገቡት።

በዚሁ መንገድ በሶስት ውርወራ፣ ማለትም በአንድ የሉዶ ተራ፣ 42.13 በመቶ ነው የሚመጣው፣ ግማሽ አይሞላም። በስድስት ውርወራ ደግሞ 66.51 በመቶ። ስለዚ የአክስቴ ልጅ "የግድ" ያለው ነገር ከሶስት አንዴ ገደማ የሚከሽፍ ነገር ነው፣ እና ከሸፈበት፣ ምንም ተአምር የለውም።

በስንት ውርወራ ነው የሚያስተማምነው?

ይሄ ደግሞ የተገላቢጦሹ ጥያቄ ነው፣ "90 በመቶ እርግጠኛ እንድሆን ስንቴ ልጣል" የሚለው። 90 በመቶ ማግኘት ማለት የመሳቱን ዕድል ከ0.10 በታች ማውረድ ነው፣ ስለዚ 0.8333ን በራሱ እያባዛችሁ ከ0.10 በታች እስኪወርድ ቁጠሩ። አስራ ሁለተኛው ላይ 0.1122 ነው፣ ገና ነው፣ አስራ ሶስተኛው ላይ 0.0935፣ ወረደ። መልሱ 13። በሶስት ሶስት ውርወራ ስታስቡት አምስተኛው ተራ ላይ መድረስ ነው። ለ99 በመቶ ደግሞ 26 ውርወራ ያስፈልጋል። መቶ በመቶ ግን መቼም አይደርስም፣ ቀሪው ሁሌ በ5/6 እየተባዛ ያንሳል እንጂ ዜሮ አይሆንም፣ ደቻቱ ላይ ሁሌም አንድ ምስኪን ቆሞ ይቀራል።

"ቆይቷል፣ አሁን ይወጣል"

ይሄኛው ከመደመሩም የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ሂሳቡን በደንብ የሰራ ሰውም ይወድቅበታል። የአክስቴ ልጅ 66.51 የሚለውን ሲሰማ ምን አለ፣ "እሺ፣ አምስቴ ስቼ ከሆነ ስድስተኛው ላይ 66 በመቶ አለኝ ማለት ነዋ!" የለህም አቦ። 66.51 ገና አንድም ሳትጥል፣ ስድስቱም ውርወራ ፊትህ እያለ የነበረህ ዕድል ነው። አምስቱ ካለፉ በኋላ የቀረህ አንድ ውርወራ ነው፣ የአንድ ውርወራ ዕድል ደግሞ ሁሌም 16.67 በመቶ ነው። ወደ ሰልፉ ተመለሱ፣ አምስት ዙር ቆመው የቀሩት ሰዎች ስድስተኛውን ሲጥሉ ከነሱ መሃል የሚሄደው እንደ ሁልጊዜው ስድስተኛው ነው፣ ረጅም ስለቆሙ ዳይሱ አያዝንላቸውም፣ ያለፈውን የሚመዘግብበት ደብተርም የለው።

ስለዚ ሁሌ ስታሰሉ የሚቆጠረው ገና ያልተጣለው ነው። ሶስት ተራ ሙሉ ያለ ስድስት ካለፋችሁ ለሚቀጥለው ተራ ያላችሁ ዕድል ያው 42.13 ነው።

በዛው ልክ "ቢያንስ አንድ" እና "በትክክል አንድ" አይምታታባችሁ። በአራት ውርወራ በትክክል አንድ ስድስት ብቻ የሚወጣባቸው 500 ቤቶች ናቸው ከ1296ቱ፣ 38.58 በመቶ፣ ሁለት የሚወጣባቸው 150፣ ሶስት 20፣ አራቱም ስድስት የሆኑባት 1። ደምሯቸው፣ 671 ይመጣል፣ ከላይ ያገኘነው ቁጥር። እኔ በመቀነስ የሰራሁትን ሳላምነው እንዲህ በመደመር አረጋግጣለሁ፣ ግን ለአራት ብቻ፣ ከዛ በላይ ትዕግስቱ የለኝም።

ውርርዱ ላይ ምን ያደርጋል

51.77 የሚለው ቁጥር ትልቅ ይመስላል ግን ቀጭን ነው። አስር አስር ብር አስይዛችሁ እናንተ "በአራት ውርወራ ይወጣል" ብትሉ ከ1296 ጨዋታ በአማካይ 671 ትበላላችሁ፣ 625ቱን እነሱ ይወስዱታል። ልዩነቱ 46 ጨዋታ ነው፣ ለ1296 ሲካፈል በአንድ ጨዋታ 35 ሳንቲም አካባቢ ትርፍ። መቶ ጨዋታ ብትጫወቱ 35 ብር ገደማ ትጠብቃላችሁ፣ ግን በመቶ ጨዋታ ውስጥ በዕድል ብቻ ወዲያና ወዲህ የሚለው መቶ ብር ገደማ ነው፣ ትርፉ በግርግሩ ይዋጣል። ስለዚ አንድ ከሰዓት ተጫውታችሁ ተበልታችሁ ብትነሱ ሂሳቡ ተሳስቷል ማለት አይደለም። በሶስት ውርወራ "ይወጣል" የሚላችሁ ሰው ካለ ግን ፈጥናችሁ ተወራረዱት፣ እናንተ 57.87 ይዛችኋል።

ዳይሱስ?

ይሄ ሁሉ የሚሰራው ሁለት ነገር ከተሟላ ነው፣ ስድስቱም ፊት እኩል ዕድል ካለው እና ውርወራው በደንብ ተንቀጥቅጦ አንዱ ሌላውን ካልነካው። ከመዳፍ ላይ ዝም ብሎ የሚያንሸራትት ሰው አለ፣ እሱ እየጣለ ሳይሆን እያስቀመጠ ነው፣ ኩባያ ውስጥ አንቀጥቅጦ ይጣል በሉት።

የኛ ዳይስ አንድ ጠርዙ ተፈንክቷል፣ ልጁም ያማረረው በሱ ነው። ለሶስት ተካፍለን 200 200 ጊዜ ጣልን፣ 600። ደህና ዳይስ ከሆነ 100 አካባቢ ስድስት መምጣት አለበት፣ ከ80 በታች ወይ ከ120 በላይ ቢሆን እጠረጥረው ነበር፣ 107 መጣ፣ ተውነው። ሃያ ሰላሳ ጊዜ ጥላችሁ ግን አትፍረዱ፣ በ30 ውርወራ ሁለት ስድስት ብቻም ሆነ ስምንት ቢመጣ ደህና ዳይስ የሚያደርገው ነገር ነው። ዳይሱ ጠማማ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ መንገዱ አይቀየርም፣ 5/6ን መቀየር ነው። ለምሳሌ ስድስት ከአምስት አንዴ የሚመጣበት ከሆነ የመሳቱ ዕድል 4/5 ነው፣ በአራት ውርወራ 59.04 በመቶ ይሆናል።

ሁለት ዳይስ ሲሆን

ይሄ ጥያቄ ድሮም ሰው አጣልቷል። በ1654 ፓስካል የሚባለው ፈረንሳዊ የሂሳብ ሊቅ ለሌላው የሂሳብ ሊቅ ለፌርማ በፃፈው ደብዳቤ ላይ ሸቫሊዬ ደ ሜሬ የሚባል ቁማር የሚወድ ሰው ያነሳው ነገር አለ፣ በአንድ ዳይስ አራቴ ጥሎ ስድስት ማምጣት 671 ለ625 ያዋጣል ይላል፣ የኛው ቁጥር፣ ካርቶን ላይ የወጣው። ሰውየውን የቸገረው ቀጣዩ ነው። ባንድ ዳይስ ስድስት ዓይነት ውጤት አለ፣ አራት ውርወራ ይበቃል፣ በሁለት ዳይስ 36 ዓይነት ውጤት አለ፣ ስድስት እጥፍ፣ ስለዚ ውርወራውም ስድስት እጥፍ፣ 24 ቢሆን ሁለቱም ስድስት ሆነው ለመምጣት መብቃት አለበት። ይመስላል አይደል? አይበቃም ግን።

ስሩት። በአንድ ውርወራ ሁለቱም ስድስት የመሆን ዕድል 1/36፣ የመሳቱ 35/36። ያንን 24 ጊዜ አባዙና ከአንድ ቀንሱ፦

```
1-(35/36)^24
```

0.4914 ይመጣል፣ 49.14 በመቶ፣ ከግማሽ በታች። 24ቱን ወደ 25 ስትቀይሩት 50.55 ይሆናል። አንድ ውርወራ ነው አትራፊውን ከከሳሪው የለየችው። እጥፍ በእጥፍ የሚለው አስተሳሰብ ለምን ከሸፈ ካላችሁ፣ ያው የአክስቴ ልጅ ስህተት ነው፣ ዕድል በውርወራ ቁጥር ልክ አብሮ አያድግም፣ ግማሽ ለመድረስ የሚያስፈልገው ለአንድ ዳይስ 3.8 ውርወራ ገደማ፣ ለሁለት ዳይስ 24.6 ገደማ ነው፣ 3.8ን በስድስት ብታባዙ 22.8 ነው የሚመጣው። 4 ስላልን 0.2 ትርፍ ነበረን፣ 24 ስንል ግን 0.6 ጎደለን።

ይሄን ለአክስቴ ልጅ ሳስረዳው ሀጂ ከወንበራቸው ሆነው "እና በ24 ነው በ25 የምትወራረደው?" አሉት። ሳጥኑን አየና "በ25" አለ። "ሳጥኔ 24 ነው የሚይዘው" አሉት።